የቪዛ ቀጠሮ ለማስቀየር ለኤምባሲ ኢሜይል ሲጻፍ፦ ምን ይቅደም፣ ምን ይከተል

«ኤምባሲ ቀጠሮ አለኝ፤ በዚያ ቀን ግን መቅረብ አልችልም። ኢሜይል ምን ብዬ ልጻፍ?» ይህ ጥያቄ ይደርሰኛል፤ ደግሞ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ብዙዎቹ የጻፉትን ረቂቅም አብረው ይልኩልኛል። ረቂቁ በሰላምታ ይጀምራል። የጋብቻው ታሪክ ይከተላል። ከዚያ ስንት ዓመት እንደተለያዩ ይነገራል። የኬዝ ቁጥሩ ከሦስተኛው አንቀጽ በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴ ጭራሽ የለም።

እኛ የለመድነው የማመልከቻ አጻጻፍ ጥያቄውን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። መጀመሪያ ሁኔታውን እናስረዳለን፤ ከዚያ «ስለሆነም ይህ እንዲፈጸምልኝ በትህትና እጠይቃለሁ» እንላለን። ለቀበሌም ለመሥሪያ ቤትም ይሠራል። ለኤምባሲ ግን ተገልብጦ ነው የሚጻፈው፤ ጥያቄው ከላይ፣ ምክንያቱ ከታች። ኢሜይሉን የሚከፍተው ሠራተኛ መጀመሪያ የሚፈልገው ፋይልዎን ነው። ፋይሉ እስኪከፈት ድረስ የጻፉት ምክንያት ከማን ጋር እንደሚገናኝ አያውቅም።

እዚህ የማሳየው አንድ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ የኢሚግራንት ቪዛ ቃለ መጠይቅ ያላት፣ ሜዲካሏ ግን ያላለቀላት ሴት የጻፈችውን ኢሜይል አብረን እንሠራለን። ባሏ አሜሪካ ነው፤ ያመለከተላትም እሱ ነው። ማንነቷ እንዳይታወቅ ቁጥሮቹንና ቀኖቹን ቀይሬያለሁ። ለሌላ ኤምባሲ የሚጽፉ ከሆነም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት እነዚህን ጠረጴዛ ላይ ያውጡ

- የቀጠሮ ደብዳቤው፣ ማለትም የቃለ መጠይቁ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት
- ፓስፖርት
- የኬዝ ቁጥር
- መቅረብ ያልቻሉበትን ምክንያት የሚያሳይ ወረቀት (የክሊኒክ ደብዳቤ፣ የሆስፒታል ማስረጃ፣ የፈተና ፕሮግራም)
- የቪዛ ማመልከቻው ላይ የሰጡት ኢሜይል አድራሻ፣ ከነይለፍ ቃሉ
- የፈረንጆችና የኢትዮጵያ ቀን ጎን ለጎን የተጻፈበት ካሌንደር

የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል። ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 4 ላይ ያዩታል።

ደረጃ 1፦ ኢሜይል የሚያስፈልገው ጉዳይ መሆኑን ያረጋግጡ

ሁሉም ቀጠሮ በኢሜይል አይቀየርም። ለአሜሪካ የጉብኝት ወይም የተማሪ ቪዛ ከሆነ ቀጠሮውን የያዙት ኦንላይን አካውንት ከፍተው ነው። የሚቀይሩትም እዚያው አካውንት ውስጥ ገብተው ነው። በዚህ ጉዳይ ለኤምባሲው ቢጽፉ ብዙ ጊዜ የሚመለስልዎት «በአካውንትዎ ይጠቀሙ» የሚል ነው፤ እስከዚያ ቀኑ ይደርሳል። አካውንቱ ስንት ጊዜ መቀየር እንደሚፈቅድ ገደብ ስላለው፣ አዲሱን ቀን ከመምረጥዎ በፊት በደንብ ያስቡበት።

የኢሚግራንት ቪዛ ግን ይለያል። በቤተሰብ በኩል የሚሄድ ሰው ቀጠሮውን ራሱ አይመርጥም፤ ፋይሉ ናሽናል ቪዛ ሴንተር ካለቀ በኋላ ቀኑ በደብዳቤ ይነገረዋል። ፋይሉ ወደ ኤምባሲው ከተላለፈ በኋላ ቀን የሚቀይረው ኤምባሲው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የቀጠሮ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። እንዴት እንደሚቀየር የሚናገር መመሪያ ካለ ከኔ ምክር ይልቅ እሱን ይከተሉ።

አድራሻውንም ከደብዳቤው ወይም ከኤምባሲው ድረ ገጽ ከ`et.usembassy.gov` ላይ ይውሰዱ። የአሜሪካ ኤምባሲ ሠራተኞች ኢሜይል መጨረሻው `state.gov` ነው። ከቴሌግራም ግሩፕ ወይም ከደላላ የተገኘ አድራሻ አይጠቀሙ። የፓስፖርትዎን ኮፒ የሚልኩት እኮ እዚያ ነው።

ደረጃ 2፦ መቀየር የሚያስከፍልዎትን ጊዜ ያስሉ

ከመጻፍዎ በፊት አንድ ቀን ቆም ብለው ያስቡ። የሚሰጥዎት አዲስ ቀን እርስዎ በሚፈልጉት ሳምንት ላይ ላይሆን ይችላል፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ቀኑ ሲገፋ ምን እንደሚያልፍብዎ ይወቁ።

ዲቪ የደረሰው ሰው ከሁሉም በላይ ይጠንቀቅ። የዲቪ ቪዛ የሚሰጠው የበጀት ዓመቱ እስከሚያልቅበት እስከ ሴፕቴምበር 30 ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 20 ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቃለ መጠይቁን አልፈው እንኳ ቪዛ አይሰጥም፤ ወደሚቀጥለው ዓመትም አይዛወርም። ቀጠሮዎ ጁላይ ወይም ኦገስት ላይ ከሆነ፣ በምንም መንገድ መቅረብ ካልቻሉ በስተቀር አያስቀይሩ።

ሜዲካል ጨርሰው ከሆነ የሚያገለግልበትን ጊዜ ይዩ። አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው፤ የቲቢ ክትትል ካለበት ከዚያ ሊያጥር ይችላል። ቪዛውም ከሜዲካሉ አልፎ አይሄድም። በኬዙ ውስጥ 21 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ካለ ደግሞ፣ ቀን ከመግፋትዎ በፊት ጉዳዩን ከሚያውቅ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ይነጋገሩ።

የኛዋ ሴት ምርጫ አልነበራትም። ቃለ መጠይቋ ኦክቶበር 15 ቀን 2024 ነው። ሜዲካል ስትሄድ የደረት ራጇ ላይ ነገር ታየና አክታ እንድትሰጥ ታዘዘች። አክታ በሦስት የተለያዩ ቀናት ጠዋት ይሰጣል። ከዚያ ካልቸር ይደረጋል፤ የካልቸሩ ውጤት ደግሞ 8 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ይህን ጊዜ ክሊኒኩም ቢሆን ሊያሳጥረው አይችልም፤ ጀርሙ ካለ የሚያድገው በዝግታ ነው። የመጨረሻውን አክታ የሰጠችው ኦክቶበር 2 ነበር። 8 ሳምንት ሲቆጠር ኖቬምበር 27 ይሆናል።

ደረጃ 3፦ የጉዳዩን መስመር ይጻፉ

«ጉዳዩ፦» ብለን ማመልከቻ ላይ የምንጽፈው ነገር ኢሜይል ላይ የራሱ ሳጥን አለው። ባዶ አይተዉት። «ሰላም»፣ «እባካችሁ እርዱኝ»፣ «አስቸኳይ» የሚሉ ቃላትም አይጻፉበት። ሠራተኛው ገና ሳይከፍተው ሦስት ነገር ማየት አለበት፦ የማን ኬዝ እንደሆነ፣ ምን እንደተጠየቀ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ። ቀኑ መኖሩ ጥቅም አለው። ቀጠሮው ከቀረበ ቀድሞ ሊከፈት የሚችለው ቀኑ ከውጭ ከታየ ነው።

```
ADD2023000000 - Request to reschedule immigrant visa interview - 15 October 2024
```

ከ`ADD` በኋላ ያሉትን አሥር አኃዞች በራስዎ ቁጥር ይተኩ። `ADD` ማለት ኬዙ የአዲስ አበባ ነው ማለት ነው። የቤተሰብ ኬዝ ቁጥር ሦስት ፊደልና አሥር አኃዝ አለው። ሲገለብጡ አንድ አኃዝ ቢዘሉ የሌላ ሰው ፋይል ይከፈታል፤ ወይም ምንም አይገኝም። ስለዚህ ከጻፉት በኋላ አንድ ሰው ከደብዳቤው ላይ እያነበበ፣ እርስዎ ከስክሪኑ ላይ ይከታተሉ።

ደረጃ 4፦ ከሰላምታው ቀጥሎ ጥያቄውን፣ ከጥያቄው ቀጥሎ ማንነትዎን ያስቀምጡ

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጥያቄው ራሱ ነው። «የኦክቶበር 15 ቀን 2024 ቃለ መጠይቄ ወደ ሌላ ቀን እንዲዛወርልኝ እጠይቃለሁ።» በቃ። ከዚያ ወዲያው የማንነት መረጃው በዝርዝር፣ እያንዳንዱ በየመስመሩ ይቀመጣል። አንቀጽ ውስጥ አይደብቁት፤ ሠራተኛው ከዝርዝር ላይ አይቶ ወደ ሲስተሙ ያስገባል።

```
Case number: ADD2023000000
Full name as in passport:
Date of birth: 09 May 1994
Passport number:
Visa category: CR1
Current interview: 15 October 2024, 7:30 a.m.
```

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ስለዚህ ልዘግይበት።

ስም። የኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ፓስፖርቱ ላይ ግን አንዱ በቤተሰብ ስም ቦታ ገብቷል። እርስዎ ቤት የሚጠሩበትን ወይም ባልዎ አሜሪካ የሚጠቀምበትን ስም አይጻፉ። ፓስፖርቱ ላይ ባለው ቅደም ተከተልና ባለው የፊደል አጻጻፍ ይጻፉ፤ አጻጻፉ ትክክል ባይመስልዎትም እንኳ። በሲስተሙ ያለው እሱ ነው።

ቀን። ሁሉም ቀን በፈረንጆች ይሁን። «በ5/2/2017» ብሎ የጻፈ ሰው ጥቅምት 5 ማለቱ ነበር፤ ያነበበው ሰው ግን የ2017 ሜይ 2 ብሎ ነው የሚረዳው። በፈረንጆች ሲጻፍም ቁጥር ብቻ አይጠቀሙ። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ አውሮፓውያን ቀኑን። 03/04 ለአንዱ ማርች 4፣ ለሌላው ኤፕሪል 3 ነው። ወሩን በፊደል ከጻፉት ማንም አይሳሳትም። የትውልድ ቀንዎንም ከልደት ካርድ ላይ ቆጥረው አይቀይሩ፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ይገልብጡ።

ሰዓት። ደብዳቤው 7:30 a.m. ካለ በእኛ ከጠዋቱ 1፡30 ነው። ኢሜይሉ ላይ እንደ ደብዳቤው ይጻፉት። አንዲት ልጅ ቀጠሮዋ በእኛ አቆጣጠር የቀኑ 7፡30 መስሏት ከሰዓት በኋላ ሄዳ ተመልሳለች። ያ ነው በኋላ የማስቀየር ጥያቄ ያስጻፋት።

ባልና ልጆች በአንድ ኬዝ ካሉ የሁሉንም ስም ይዘርዝሩ። ቀጥለው «ጥያቄው ለሁላችንም ነው» ወይም «ለእኔ ብቻ ነው» ይበሉ። ይህን ካልጻፉ አንዱ ተቀይሮለት ሌላው በድሮው ቀን ሊቀር ይችላል።

ደረጃ 5፦ ምክንያቱን በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ምክንያት ሲጻፍ መልሱ የሚፈለገው ለሦስት ጥያቄ ነው። ምን ተፈጠረ? መቼ? መቼ ያበቃል? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። «ታምሜያለሁ» ማለት ለሠራተኛው የሚሰጠው ነገር የለም፤ መቼ ቀን እንደሚሰጥዎት አያውቅም። «ኦክቶበር 2 አክታ ሰጥቻለሁ፤ ውጤቱ ኖቬምበር 27 ገደማ ይደርሳል» ካሉት ግን ከየትኛው ቀን በፊት መቅጠር እንደሌለበት አወቀ።

ምክንያቱ አንድ ይሁን። ሦስት ምክንያት ከደረደሩ አንዱም አይጠነክርም፤ ከወረቀትዎ ጋር የማይሄድ ነገርም ሾልኮ ይገባል። እውነቱንም ብቻ ይጻፉ። ይህ ኢሜይል ከፋይልዎ ጋር ሊቀመጥና በቃለ መጠይቁ ቀን ሊነሳ ይችላል። ያልሞተ ዘመድ ሞተ ብሎ የጻፈ ሰው፣ በቪዛ ጉዳይ ውሸት ማቅረብ ራሱን የቻለ መከልከያ መሆኑን አይርሳ።

ደረጃ 6፦ የሚፈልጉትን ጊዜ እንደ ክልል እንጂ እንደ አንድ ቀን አይጠይቁ

«ዲሴምበር 9 ይሁንልኝ» ካሉ ያ ቀን ከሞላ ጥያቄዎ መልስ አጣ። «ከዲሴምበር 9 ቀን 2024 ጀምሮ ባለው የመጀመሪያ ክፍት ቀን» ካሉ ግን ሠራተኛው የሚሰጠው ብዙ ቀን አለው።

ዲሴምበር 9ን እንዴት አገኘነው? ውጤቱ ኖቬምበር 27 ይጠበቃል፤ ረቡዕ ነው። በማግስቱ ሐሙስ ኖቬምበር 28 የአሜሪካ የምስጋና ቀን ስለነበር ኤምባሲ ዝግ ነው። ክሊኒኩ ደግሞ ሪፖርቱን ለማዘጋጀትና ለማስተላለፍ ጥቂት ቀን ያስፈልገዋል። ከአንድ ሳምንት በላይ ትንፋሽ ሰጠነው፤ ሰኞ ዲሴምበር 9፣ በእኛ ኅዳር 30 ቀን 2017 ሆነ። ኤምባሲዎች የራሳቸውንም የአገሩንም በዓል ስለሚዘጉ፣ የእርስዎን ቀን ሲያሰሉ ሁለቱንም ይዩ።

ደረጃ 7፦ አባሪዎቹን ያያይዙ፣ ስማቸውንም ይስጡ

ሦስት ፋይል ይበቃል፦ የቀጠሮ ደብዳቤው፣ የፓስፖርቱ ፎቶ ያለበት ገጽ፣ ምክንያቱን የሚያሳየው ወረቀት። ሁሉም ፒዲኤፍ ይሁኑ። በስልክ ካነሱ ጥላ እንዳይወድቅበት መስኮት አጠገብ ያንሱ፤ ከፓስፖርቱ ታች ያሉት ሁለት የፊደልና የቁጥር መስመሮችም ሳይቆረጡ ይታዩ። የፋይሉ ስም ውስጥ ኬዝ ቁጥሩን ያስገቡ፦

```
ADD2023000000_Passport.pdf
ADD2023000000_Medical_letter.pdf
```

`IMG_4471.jpg` የሚል ፋይል ከኢሜይሉ ተለይቶ ከተቀመጠ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ፋይሉን በድራይቭ ሊንክ አይላኩ፤ ብዙ መሥሪያ ቤት ከማያውቀው ሰው የመጣ ሊንክ አይከፍትም። ጠቅላላ ክብደቱም ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ይሁን፤ ከበዛ ኢሜይሉ ሳይደርስ ሊመለስ ይችላል።

የክሊኒኩ ወረቀት በአማርኛ ብቻ ከሆነ ዋናውን ነገር ኢሜይሉ ላይ በእንግሊዝኛ ይግለጹት፤ ከተቻለ ትርጉሙንም ያያይዙ።

ሙሉው ኢሜይል ሲገጣጠም

የሚላከው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ግን ሁሌም የምመክረው መጀመሪያ በአማርኛ ጨርሰው እንዲጽፉት ነው። በሚያስቡበት ቋንቋ ሲጽፉ የጎደለውን ያዩታል። ከዚያ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይመልሱት፤ አጭር ስለሆነ ለመተርጎምም አያስቸግርም። የሴትየዋ ኢሜይል በአማርኛ ይህን ይመስል ነበር።

> ለኢሚግራንት ቪዛ ክፍል፣
>
> ኦክቶበር 15 ቀን 2024 የተያዘው የኢሚግራንት ቪዛ ቃለ መጠይቄ ወደ ሌላ ቀን እንዲዛወርልኝ እጠይቃለሁ።
>
> የኬዝ ቁጥር፦
> ሙሉ ስም፣ በፓስፖርት እንዳለው፦
> የትውልድ ቀን፦
> የፓስፖርት ቁጥር፦
> የቪዛ ዓይነት፦
> የአሁኑ ቀጠሮ፦ ኦክቶበር 15 ቀን 2024፣ 7:30 a.m.
> ያመለከተልኝ ሰው ስም፦
>
> የሕክምና ምርመራዬን ሴፕቴምበር 24 ቀን 2024 ጀምሬያለሁ። ከራጅ በኋላ የአክታ ካልቸር ታዞልኝ የመጨረሻውን ናሙና ኦክቶበር 2 ቀን 2024 ሰጥቻለሁ። ክሊኒኩ እንደገለጸልኝ ውጤቱ ኖቬምበር 27 ቀን 2024 ገደማ ይደርሳል፤ ስለዚህ በቀጠሮዬ ቀን የሕክምና ሪፖርቴ ዝግጁ አይሆንም።
>
> ከዲሴምበር 9 ቀን 2024 ጀምሮ ባለው የመጀመሪያ ክፍት ቀን ብትቀጥሩኝ እቀርባለሁ።
>
> የቀጠሮ ደብዳቤዬን፣ የፓስፖርቴን ገጽና የክሊኒኩን ደብዳቤ አያይዣለሁ። ያለ ሕክምና ሪፖርት በቀድሞው ቀን መቅረብ የሚኖርብኝ ከሆነም ብታሳውቁኝ በዚያው ቀን እቀርባለሁ።
>
> ከአክብሮት ጋር፣
> ስም
> ስልክ ቁጥር፣ በ`+251` የሚጀምር

የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ያስተውሉ። አንዳንድ ጊዜ ኤምባሲው «ሜዲካሉ ባያልቅም ቃለ መጠይቁን ይምጡ፤ ሪፖርቱ ሲደርስ ፋይሉ ይቀጥላል» ሊል ይችላል። ይህ ሲሆን ከመዛወር ይሻላል፤ ወረፋዎን አያጡም። ይህን በር ክፍት የምታደርገው ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት።

ምን ምን እንደሌለም ይዩ። ናፍቆት የለም፣ ልመና የለም፣ ምርቃት የለም። ሠራተኛው ስለማያዝን አይደለም። ቀን ለመቀየር የሚያስፈልገው መረጃ እነዚያ ውስጥ ስለሌለ ነው።

ደረጃ 8፦ ከትክክለኛው አድራሻ አንድ ጊዜ ብቻ ይላኩ

ማመልከቻው ላይ በሰጡት ኢሜይል ይላኩ። የቪዛ ፋይል በአሜሪካ ሕግ ሚስጥር ነው፤ ሠራተኛው ለማያውቀው አድራሻ ስለ ኬዝዎ መናገር አይችልም። ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ በራሱ ኢሜይል ከላከልዎ መልሱ ወይ አይመጣም፣ ወይ ለእሱ ነው የሚመጣው። ማመልከቻውን የሞላልዎ ሰው የራሱን ኢሜይል አስገብቶ ከሆነ ግን ይህንኑ ኢሜይሉ ላይ በግልጽ ይጻፉት፤ የእርስዎን አድራሻም ያስመዝግቡ።

ሚስት ከአዲስ አበባ፣ ባል ከቨርጂኒያ፣ ወንድም ከዱባይ ስለ አንድ ቀጠሮ መጻፍ የለባቸውም። አንድ ሰው ዲሴምበር፣ ሌላው ጃንዋሪ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሠራተኛው የቱን ይያዝ? አንድ ሰው ይጻፍ፤ ሌሎቹ ኮፒ ውስጥ ይግቡ።

ደረጃ 9፦ መልሱን በትክክል ያንብቡ

ከላኩ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣ መልስ አለ። «ኢሜይልዎ ደርሶናል» ይላል። ይህ ማሽን የሚልከው ነው። ደረሰ ማለት እንጂ ተፈቀደ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ይህችን መልስ ይዞ ቀጠሮው ላይ ይቀራል።

> ማስጠንቀቂያ፦ አዲስ ቀን በጽሑፍ እስካልተሰጠዎት ወይም የድሮው ቀጠሮ መሰረዙ እስካልተነገረዎት ድረስ የድሮው ቀጠሮ ጸንቶ ነው።

ቀኑ ደርሶ መልስ ካልመጣ ይሂዱ። የላኩትን ኢሜይል አትመው፣ ያለዎትን ሰነድ ሁሉ ይዘው፣ በሰዓቱ ይቅረቡ። ሜዲካሉ ስለሌለ በዚያ ቀን ቪዛ ላይሰጥዎት ይችላል፤ ፋይልዎ ግን የጎደለው ወረቀት እስኪሟላ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ታመው አልጋ ላይ ከሆኑና ጨርሶ መሄድ ካልቻሉ፣ በዚያው ቀን ይህንኑ የሚገልጽ ኢሜይል ከሐኪም ማስረጃ ጋር ይላኩ።

በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካላገኙ አንድ ጊዜ ያስታውሱ። አዲስ ኢሜይል አይክፈቱ፤ የመጀመሪያው ላይ መልስ ብለው ከላይ ሁለት መስመር ይጨምሩ። እንዲህ ከሆነ ታሪኩ በአንድ ቦታ ይቆያል። በየቀኑ መላክ ግን ጉዳይዎን አያፋጥንም። ከማይፈለግ መልእክት ሳጥን ውስጥም መፈለግ አይርሱ።

ቀኑን አስቀይረው ዝም ማለትም አይቻልም። በኢሚግራንት ቪዛ፣ ለቪዛው ማመልከት እንደሚችሉ ከተነገረዎት በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ካላደረጉ ኬዙ ሊዘጋ ይችላል። የላኩትንም የመጣልዎትንም ኢሜይል አያጥፉ። ጉዳይዎን ስለመከታተልዎ ማስረጃ ናቸው።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

- *መልስ ሳያገኙ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት ወይም ሥራ መልቀቅ።* ከአንድ በላይ ሰው እንዲህ ሲጎዳ አይቻለሁ።
- *«በተቻለ ፍጥነት» ብቻ ብሎ መጻፍ።* ነገ ቢጠሩዎት መቅረብ የማይችሉ ከሆነ ይህ ትክክል አይደለም። የሚችሉበትን የመጀመሪያ ቀን ይጻፉ።
- *የፓስፖርት ቁጥር ሳያድሱ መተው።* ማመልከቻው ከተሞላ በኋላ ፓስፖርት ቀይረው ከሆነ ሁለቱንም ቁጥር ይጻፉና አዲሱ የትኛው እንደሆነ ይንገሩ።
- *ለደላላ መክፈል።* «ውስጥ ሰው አለኝ፤ ቀኑን አስቀይርልሃለሁ» የሚል ሰው የሚልከው እርስዎ የሚልኩትን ኢሜይል ነው፤ አንዳንዱ እሱንም አይልክም። ለማዛወሪያ በግለሰብ አካውንት ገንዘብ አስገቡ የሚል ኢሜይል ከመጣም ከኤምባሲ አይደለም።

ደረጃ 10፦ አዲሱ ቀን ሲመጣ

ለሴትየዋ የመጣው መልስ ዲሴምበር 17 ቀን 2024፣ በእኛ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 የሚል ነበር። በዚያው ዕለት ሦስት ነገር አደረገች። «ደርሶኛል፤ በዚህ ቀን እቀርባለሁ» የሚል የአንድ መስመር መልስ ላከች። ኢሜይሉን አትማ ከድሮው የቀጠሮ ደብዳቤ ጋር አያያዘች፤ በር ላይ ያለው ጥበቃ ቀኑ የማይገጥም ደብዳቤ ብቻ ካየ ሊመልሳት ይችላልና። ከዚያ ክሊኒኩ ሄዳ አዲሱን ቀን አስመዘገበች፤ ሪፖርቱ ከዲሴምበር 17 በፊት ኤምባሲ መድረስ ነበረበት።